የሜሽ እኩልታው በትክክል ተፈትቶ የኃይል ሚዛኑ ለምን አልገጠመም?

ጥያቄ፦ «በግራ 48 ቮልት፣ በቀኝ 18 ቮልት ምንጭ አለ፤ የሁለቱም ፖዘቲቭ ጫፍ ወደ ላይ ነው። 2 ኦም ከግራው፣ 3 ኦም ከቀኙ ምንጭ ጋር በተከታታይ ተያይዘዋል፣ 6 ኦም ደግሞ መሀል ላይ የጋራ ነው። ሁለቱንም የሜሽ ከረንቶች ከየምንጫቸው ፖዘቲቭ ጫፍ እንዲወጡ አድርጌ ሣልኩ። `8i1 − 6i2 = 48` እና `−6i1 + 9i2 = 18` ብዬ ስፈታ i1 = 15፣ i2 = 12 አምፔር መጣ። ነገር ግን ምንጮቹ 936 ዋት ሲሰጡ ሬዚስተሮቹ 5256 ዋት ይወስዳሉ። እኩልታዎቹን ሦስት ጊዜ ደግሜ ፈታኋቸው፣ ስሌቱ አልተለወጠም። ስህተቱ የት ነው?»

ምላሽ፦

አራተኛ ጊዜ አትፍታቸው፤ አፈታትህ ትክክል ነው። 15 እና 12 የጻፍካቸውን ሁለት እኩልታዎች በትክክል ያሟላሉ። ችግሩ እኩልታዎቹ የሣልከውን ሰርኪት አለመግለጻቸው ነው፤ ስህተቱም ያለው በአንድ ምልክት ላይ ነው፣ እሱም ከ6 ፊት የተቀመጠው ቅናሽ ነው።

ሥዕልህን ከፊትህ አድርገህ እያንዳንዱን ከረንት በጣትህ ተከተል። i1 ከ48 ቮልቱ ፖዘቲቭ ጫፍ ወጥቶ በ2 ኦሙ በኩል ወደ ቀኝ ይሄድና ላይኛው ኖድ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በ6 ኦሙ ወደ ታች ወርዶ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ይህ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። i2 ደግሞ ከ18 ቮልቱ ፖዘቲቭ ጫፍ ወጥቶ በ3 ኦሙ በኩል ወደ ግራ ይመጣና ያንኑ ኖድ ያገኛል፤ እሱም በ6 ኦሙ ወደ ታች ይወርዳል። ይህኛው የሚዞረው በሰዓት ተቃራኒ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ከረንቶች የጋራውን ሬዚስተር የሚያቋርጡት ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ በእሱ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ድምራቸው i1 + i2 ነው እንጂ ልዩነታቸው አይደለም። በመጀመሪያው ሜሽ ዙሪያ የኪርኾፍን የቮልቴጅ ሕግ ስትጽፍ በ6 ኦሙ ላይ የሚወርደው ቮልቴጅ 6(i1 + i2) ይሆናል፤ በሁለተኛውም ሜሽ እንዲሁ።

«የጋራ ሬዚስተር ሁልጊዜ በቅናሽ ይገባል» የሚለው ደንብ ከክፍል ማስታወሻ የመጣ ይመስለኛል። ደንቡ ራሱ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የሚሠራው ሁሉም የሜሽ ከረንቶች በአንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ብቻ ነው። ሁለቱም በሰዓት አቅጣጫ ቢዞሩ አንዱ የጋራውን ሬዚስተር ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ያቋርጡት ነበር፣ ቅናሹም ከዚያ ይመጣ ነበር። አንተ የአንዱን ቀስት ገልብጠህ ደንቡን ግን እንደነበረ ወሰድከው። እኩልታዎቹ ሥርዓት የያዙ፣ ግራና ቀኛቸው የተመጣጠነ ስለሚመስሉ ዓይን በቀላሉ ያልፋቸዋል፤ ደጋግመህ ስትፈታቸው ያልታየህም ለዚህ ነው።

ኃይል ከማስላትህ በፊት ስህተቱን የሚያጋልጥ ሌላ መንገድ ነበረ፤ እሱን በቁጥር ላሳይህ። የታችኛውን መስመር ዜሮ ቮልት እንበለውና በአንተ መልስ የላይኛውን ኖድ ቮልቴጅ በሦስቱ መንገዶች እናስላ።

```
በግራ በኩል:  48 − 2×15 = 18 V
በቀኝ በኩል:  18 − 3×12 = −18 V
በመሀል:     6×(15 + 12) = 162 V
```

አንድ ኖድ ሦስት የተለያየ ቮልቴጅ ሊኖረው አይችልም። ከዚህ ሌላ 162 ቮልት ራሱ የማይሆን ነገር ነው፤ የሁለት ምንጮች የታች ጫፍ አንድ ላይ ታስሮ፣ የቀረው ሁሉ ሬዚስተር ሆኖ ሳለ፣ መሀል ያለ ኖድ ከትልቁ ምንጭ ከ48 ቮልት በላይ ሊወጣ አይችልም። ያንን የሚያህል ቮልቴጅ የሚያመጣ ነገር ሰርኪቱ ውስጥ የለም።

አሁን የኃይል ሚዛኑ ይህን እንዴት እንደያዘው እንመልከት፤ ምክንያቱን ካወቅኸው ሚዛን ሲጎድል የጎደለውን መጠን አይተህ ስህተቱን መፈለግ ትችላለህና። በሥዕልህ መሠረት ትክክለኞቹ እኩልታዎች እነዚህ ናቸው።

```
8·i1 + 6·i2 = 48
6·i1 + 9·i2 = 18
```

የመጀመሪያውን በ i1፣ ሁለተኛውን በ i2 አባዛና ደምራቸው። በቀኝ በኩል 48·i1 + 18·i2 ታገኛለህ፤ ይህ ምንጮቹ የሚሰጡት ኃይል ነው። በግራ በኩል ያለው ሲሰባሰብ 2·i1² + 3·i2² + 6·(i1 + i2)² ይሆናል፤ ይህም ሬዚስተሮቹ የሚወስዱት ነው። ስለዚህ የኃይል ሚዛን ከሜሽ እኩልታዎች የተለየ አዲስ ሕግ አይደለም፤ እነዚያው እኩልታዎች በከረንቶቻቸው ተባዝተው የተደመሩበት ነው። ትክክለኛዎቹን እኩልታዎች የሚያሟላ መልስ ሚዛኑን ሳይገጥም ሊቀር አይችልም። ኔዘርላንዳዊው መሐንዲስ ቴሌገን በ1952 በስሙ የሚጠራውን ቴዎረም ያወጣው ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ ነው፦ የቮልቴጁንና የከረንቱን የኪርኾፍ ሕጎች በሚያሟላ በማንኛውም ሰርኪት ውስጥ የቅርንጫፎቹ የቮልቴጅና የከረንት ብዜቶች ድምር ዜሮ ነው። የሜሽ ከረንት ወደ ኖድ ገብቶ ሳይቀር የሚያልፍ ስለሆነ የከረንቱ ሕግ ምንጊዜም ተሟልቶ ይገኛል። በመሆኑም በሜሽ ዘዴ የተገኘ መልስ ሚዛኑን ሲስት፣ የኃይሉ ስሌት ራሱ እስካልተሳሳተ ድረስ፣ ጥፋቱ የቮልቴጅ ሕጉ ላይ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ይቻላል።

ያንተን እኩልታዎችም በተመሳሳይ መንገድ አባዝተህ ብትደምራቸው በመሀሉ ሬዚስተር ቦታ 6·(i1 − i2)² ይወጣል። የኃይል ማረጋገጫውን ስትሠራ ግን ወደ ሥዕሉ ተመልሰህ በ6 ኦሙ ውስጥ 27 አምፔር እንደሚያልፍ ወሰድክ፤ ይህም በሥዕሉ መሠረት ትክክል ነው። እንግዲህ እኩልታው ስለ አንድ ሰርኪት፣ ማረጋገጫው ስለ ሌላ ሰርኪት ይናገራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቀጥታ ሊሰላ ይችላል።

```
6·(i1 + i2)² − 6·(i1 − i2)² = 4 × 6 × i1 × i2
4 × 6 × 15 × 12 = 4320 W
5256 − 936      = 4320 W
```

የጎደለብህ 4320 ዋት ከአንድ ምልክት ብቻ የመጣ ነው፤ ሌላ የተደበቀ ስህተት የለም። ጉድለቱን በሜሽ በሜሽ ከፋፍለህ ማየትም ትችላለህ። 15 እና 12ን በትክክለኛዎቹ እኩልታዎች ውስጥ ስትከት የመጀመሪያው በ48 ፋንታ 192 ይሰጣል፣ በ144 ቮልት ይበልጣል፤ ሁለተኛው በ18 ፋንታ 198 ይሰጣል፣ በ180 ቮልት ይበልጣል። 144ን በ15፣ 180ን በ12 ስታባዛ ሁለቱም 2160 ዋት ይሆናሉ። ጉድለቱ ለሁለቱ ሜሾች እኩል መካፈሉ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ በሁለቱም እኩልታዎች ውስጥ በአንድ ዓይነት መንገድ የገባ ነገር፣ ማለትም የጋራው ሬዚስተር፣ እንደተሳሳተ ያመለክታልና።

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር፣ የጋራውን ሬዚስተር በትክክል ጽፈህ የቀኙን ምንጭ ምልክት ብቻ ብታዛባ፣ ማለትም ሁለተኛውን እኩልታ 6·i1 + 9·i2 = −18 ብለህ ብትጽፍ፣ i1 = 15 እና i2 = −12 ይመጣ ነበር። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፣ የተለየው ምልክት ብቻ ነው። በሥዕሉ መሠረት ኃይሉን ስታሰላ ግራው ምንጭ 720 ዋት ይሰጣል፣ ቀኙ 216 ዋት ይወስዳል፣ ሬዚስተሮቹ 936 ዋት ይወስዳሉ፤ ጉድለቱ 432 ዋት ይሆናል። ይህ ደግሞ 2 × 18 × 12 ነው፤ በሙሉ የሚገኘውም በሁለተኛው ሜሽ ውስጥ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው እኩልታ አንድ ቮልት እንኳ አይጎድለውም። ጉድለቱ በአንድ ሜሽ ውስጥ ብቻ ከተገኘና የአንድ ምንጭ ኃይል እጥፍ ከሆነ ከሬዚስተሮቹ በፊት የዚያን ምንጭ ፖላሪቲ ማየት ይሻላል።

ትክክለኛዎቹን እኩልታዎች ስትፈታ i1 = 9፣ i2 = −4 አምፔር ታገኛለህ። በ6 ኦሙ ውስጥ 9 − 4 = 5 አምፔር ይወርዳል፣ የኖዱም ቮልቴጅ በሦስቱም መንገድ 30 ነው፦ 48 − 18፣ 18 + 12፣ 6 × 5። እዚህ ላይ ግን ሁለተኛ ወጥመድ ስላለ ቀስ ብለህ ሂድ። i2 ኔጌቲቭ መሆኑ ስህተት አይደለም፤ በ18 ቮልቱ ምንጭ ውስጥ ከረንቱ ከሣልከው ቀስት በተቃራኒ እንደሚያልፍ፣ ማለትም በፖዘቲቭ ጫፉ እንደሚገባ ይናገራል። በፖዘቲቭ ጫፉ ከረንት የሚገባበት ምንጭ ኃይል አይሰጥም፣ ይወስዳል፤ ባትሪ ቢሆን እየተሞላ ነበር። ሚዛኑ እንዲህ ይሆናል።

```
የሚሰጥ:   48 × 9 = 432 W
የሚወስድ:  2×81 + 3×16 + 6×25 + 18×4
       = 162 + 48 + 150 + 72 = 432 W
```

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ምንጭ ነውና ይሰጣል» በማለት 72ቱን ዋት ከ432 ጋር ደምሮ 504 ያደርገዋል፤ በሌላው በኩል የሬዚስተሮቹ 360 ብቻ ስለሚቀር 144 ዋት ጎደለ ብሎ ትክክለኛ መልሱን ይጥላል። ጉድለቱ የአንድ ምንጭ ኃይል እጥፍ ሲሆን፣ እዚህም 2 × 72 ነው፣ እኩልታውን ከመንካትህ በፊት የኃይል ሠንጠረዡን ፈትሽ። የተዛባ እኩልታና የተዛባ ሠንጠረዥ የሚለዩት በኖዱ ቮልቴጅ ነው፦ ሦስቱም መንገዶች አንድ ቁጥር ከሰጡ ከረንቶቹ ደህና ናቸው፣ የተሳሳተው ኃይሉን የደመርክበት መንገድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማረጋገጫውን ስትሠራ ወደ ሥዕሉ ባትመለስና በ6 ኦሙ ውስጥ ያለውን ከረንት ከእኩልታህ ላይ i1 − i2 ብለህ ብትወስድ ምን ይሆን እንደነበር አስላው። ከረንቱ 3 አምፔር፣ ኃይሉ 54 ዋት ይሆናል፤ 450 እና 432 ሲጨመሩበት ድምሩ 936 ዋት ነው። ሚዛኑ አንዲት ዋት ሳይጎድለው ይገጥም ነበር፣ መልሱ ግን ያው የተሳሳተው 15 እና 12 ነው። እኔም አንድ ጊዜ በቤት ሥራ ላይ በትክክል እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል፤ ሚዛኑ ስለገጠመ ሳልጠራጠር አስረከብኩት፣ ከመልሶቹ አንዱም ትክክል አልነበረም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጻፍካቸው ሁለት እኩልታዎች በራሳቸው የሚቃረኑ አይደሉም፤ ሁለቱም ከረንቶች በሰዓት አቅጣጫ የሚዞሩበትንና የ18 ቮልቱ ምንጭ ፖዘቲቭ ጫፍ ወደ ታች የተገለበጠበትን ሰርኪት በትክክል ይገልጻሉ። በዚያ ሰርኪት ውስጥ 15 እና 12 ትክክለኛ መልስ ናቸው፤ የኖዱም ቮልቴጅ በሦስቱም መንገድ 18 ይመጣል። የኃይል ሚዛን የሚጠይቀው መልሱ ከራሱ ጋር ይስማማ እንደሆነ ነው እንጂ ከተሰጠህ ሥዕል ጋር ይስማማ እንደሆነ አይደለም። የምንጭን ፖላሪቲ ገልብጠህ ካነበብክ፣ ወይም 6 ኦሙን 9 ኦም ብለህ ካነበብክና እስከ መጨረሻው በዚያው ከሄድክ ሚዛኑ ምንም አያሳይህም። አንተን ያዳነህ እኩልታውን ከደንብ፣ ማረጋገጫውን ከሥዕል መጻፍህ ነው፤ ሳታስበው ያደረግኸውን ከእንግዲህ አስበህበት አድርገው። የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ከረንትና የእያንዳንዱን ምንጭ ጫፍ ለማረጋገጫው ስትጽፍ የእኩልታውን ወረቀት ገልብጠህ ከሥዕሉ ላይ ብቻ እንደገና አንብብ።

ሚዛኑ የማያየውን ስህተት የሚያይ አንድ አጭር ግምት ደግሞ አለ፤ ከመፍታትህ በፊት ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። የቀኙን ቅርንጫፍ፣ 3 ኦሙን ከ18 ቮልቱ ጋር፣ በሐሳብህ ከኖዱ ንቀለው። የሚቀረው 48 ቮልት በ2 እና በ6 ኦም መካከል የሚከፋፈልበት ቀላል ሰርኪት ነው፤ የኖዱ ቮልቴጅ 48 × 6 ÷ 8 = 36 ቮልት ይሆናል። አሁን የነቀልከውን መልሰህ አገናኘው። ኖዱ 36 ላይ፣ ምንጩ 18 ላይ ናቸው፤ ከረንት ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ስለሚሄድ ከኖዱ ወደ 18 ቮልቱ ምንጭ ይገባል። ስለዚህ እንደ ቀስትህ አሳሳል i2 ኔጌቲቭ መሆን አለበት፤ መጠኑ ገና አልታወቀም፣ ምልክቱ ግን ታውቋል። i2 = 12 የሚለው መልስ ማረጋገጫውን በየትኛውም መንገድ ብትሠራው እዚህ ላይ ይወድቃል። ከዚህም ሌላ ከተገናኘ በኋላ የኖዱ ቮልቴጅ ከ36 ወርዶ በ36 እና በ18 መካከል መቀመጥ አለበት፤ 30 እዚያ ውስጥ ይገባል፣ 162 ግን አይገባም፤ የተገለበጠው ሰርኪት 18ም ልክ ጠርዙ ላይ ነው፣ ያም የሚሆነው በ3 ኦሙ ውስጥ ምንም ከረንት ባያልፍ ብቻ ነው።

ስለ ቀስቶቹ የእኔ ምርጫ ሁሉንም በሰዓት አቅጣጫ መሣል ነው፤ የተሻለ ፊዚክስ ስላለው ሳይሆን የቅናሹ ደንብ ያኔ ሁልጊዜ ስለሚሠራና ከረንቱ በእውነት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መገመት ስለማያስፈልግ ነው። በዚያ መንገድ ያንተ ሰርኪት እንዲህ ይጻፋል።

```
 8·i1 − 6·i2 = 48
−6·i1 + 9·i2 = −18
```

በቀኙ ሜሽ በሰዓት አቅጣጫ ስትዞር የ18 ቮልቱን ምንጭ የምታገኘው በፖዘቲቭ ጫፉ በኩል ስለሆነ 18 ወደ እኩልታው ቀኝ ሲሻገር ኔጌቲቭ ይሆናል። መልሱ i1 = 9፣ i2 = 4 ነው፤ በመሀሉ ሬዚስተር 9 − 4 = 5 አምፔር ይወርዳል፣ ወደ ምንጩም 4 አምፔር ይገባል፣ ልክ እንደ ቀድሞው። ይህን ከጻፍከው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው፤ ልዩነቱ የአንድ 18 ምልክት ብቻ ነው። ቀስቱን ስትገለብጥ የሚለወጡት ምልክቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ የጋራው ሬዚስተርና የዚያ ሜሽ ምንጭ። አንተ የምንጩን ለውጠህ የሬዚስተሩን ረሳኸው።